የጋብቻ ጥያቄዎን ስለመመለስ

ጥር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ እህታችን ወለተ ማርያም፣

ሰላመ እግዚአብሔር ከእርስዎ ጋር ይሁን። ቅዳሜ መጋቢት 12 ቀን ከሰዓት በኋላ በመቅደሱ ሥርዓተ ተክሊል እንዲፈጸምልዎ ያቀረቡት ማመልከቻ በሰበካ ጉባኤው ታይቷል። ለመጋባት መወሰናችሁ እጅግ ደስ አሰኝቶናል፤ ጥያቄውን ግን መቀበል አልቻልንም።

ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ይገባል፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው። በእነዚህ 55 ቀናት ጋብቻ አይፈጸምም፤ የሰርግ ድግሱም ሆነ የባልና ሚስት ግንኙነት ከጾሙ ጋር አይሄድምና። ቅዳሜ መሆኑ ጾሙን አያስቀርም። ይህን የሚያነሣ ልዩ ፈቃድ ሰበካ ጉባኤውም የንስሐ አባትዎም መስጠት አይችሉም፤ ስለዚህ በድጋሚ ማመልከት ቀኑን አይለውጠውም።

ሰዓቱና ቦታውም እንዲታወቅ እንወዳለን። ተክሊል ከቅዳሴ ጋር ስለሚፈጸምና ሙሽሮቹ ስለሚቆርቡ ከሰዓት በኋላ አይያዝም። መቅደስ የሚገቡት ካህናትና ዲያቆናት ብቻ ናቸው፤ ሙሽሮች የሚቆሙት ቅድስት ላይ ነው። ፎቶ አንሺውም ይህን አስቀድሞ ይወቅ።

በዳግም ትንሣኤ፣ እሑድ ሚያዝያ 11፣ ጠዋት ቦታ ይዘንላችኋል። የሁለታችሁን የጥምቀት ምስክር ወረቀትና የንስሐ አባቶቻችሁን ደብዳቤ እስከ የካቲት 30 ለጽሕፈት ቤቱ አስገቡ። ብዙ ጊዜ የሚያዘገየው በሌላ ደብር የተጠመቀ ሰው ወረቀት ነውና እሱን ከአሁኑ ጠይቁ። የጥሪ ካርድም ከማጽደቃችን በፊት አታሳትሙ። የአዳራሽ ቀብድ ከፍላችሁ ከሆነ ቀን ለማስቀየር የሚረዳ ደብዳቤ እንጽፍላችኋለን።

እግዚአብሔር ጋብቻችሁን ይባርክ።

የሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት