ጉዳዩ፦ ለኮምቦልቻው መጋዘን የጣሪያና የአሸንዳ ጥገና ያቀረብነውን የዋጋ ሐሳብ ይመለከታል

ለተከበሩ ሐጂ ሰይድ፣

ባለፈው ሳምንት የላክንልዎትን የሥራና የዋጋ ሐሳብ ማንበብዎን በስልክ ስለነገሩን እናመሰግናለን። ከዚያ ወዲህ ምላሽ ያልደረሰን ከሥራ ብዛት ወይም ከልጆችዎ ጋር መመካከር ስላስፈለገ እንደሚሆን እንገምታለን፤ የጻፍንልዎትም ልናጣድፍዎ ሳይሆን፣ ያልተብራራ ነገር ካለ ለማስረዳት ነው።

መጋዘኑን ባየን ጊዜ በምሥራቁ ግድግዳ በኩል አሸንዳው ከመገጣጠሚያው ተላቆ፣ ውኃው በግድግዳው ላይ እየወረደ የታችኛውን የማሽላ ጆንያ ድርድር ማርጠቡን ተመልክተናል። ስለዚህ ክረምቱ ሰኔ ላይ ከመግባቱ በፊት ቢያንስ ይህ ወገን ቢሠራ ይሻላል እንላለን፤ ጠቅላላው ወጪ በአንድ ጊዜ ከከበደዎት አሸንዳውን አሁን፣ የጣሪያውን ቆርቆሮ ደግሞ ከመስከረም በኋላ በተለየ ውል ልንሠራው እንችላለን። የቆርቆሮ ገበያ ስለማይረጋ (ይህን እርስዎም ያውቁታል) ያቀረብነው ዋጋ የሚጸናው እስከ ግንቦት 20 ነው።

ፈቃድዎ ከሆነ ሐሙስ ጠዋት ከደሴ ወርደን መጋዘኑ ድረስ በመምጣት ልናነጋግርዎ ዝግጁ ነን። ቀኑ ካልተመቸዎት፣ ወይም ሥራውን ለሌላ ሰጥተው ከሆነም፣ በአጭር መልእክት ቢያሳውቁን በቂ ነው።

ከአክብሮት ጋር
የጣሪያና የአሸንዳ ሥራ ኃላፊ፣ ደሴ ፒያሳ