የቢዝነስ ሥነ ምግባር መለማመጃ ጥያቄዎች ከነማብራሪያቸው፤ ድሬዳዋ ላሉ የማታ ተማሪዎቼ

ፈተናው ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ብዙዎቻችሁ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ናችሁ። አንዳንዶቻችሁ ከከፊራ ሱቅ ዘግታችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ ከሳቢያን ጋራዥ እጃችሁን ታጥባችሁ ነው ክፍል የምትገቡት። ስለዚህ ሙሉውን ሞጁል አንብቡ አልላችሁም። እነዚህን ጥያቄዎች መጀመሪያ ራሳችሁ ሞክሯቸው፤ ከዚያ ማብራሪያውን እዩ።

ከሁሉ በፊት ግን ቃሉን እናጥራ። ባለፈው ሴሚስተር ብዙ ሰው ነጥብ ያጣው እዚህ ላይ ነው። ሼርሆልደር ማለት ባለአክሲዮን ነው፤ ገንዘብ አዋጥቶ የኩባንያውን አክሲዮን የያዘ ሰው። ስቴክሆልደርን ደግሞ በአማርኛ «ባለድርሻ አካል» እንለዋለን። ችግሩ «ድርሻ» የሚለው ቃል ወዲያው አክሲዮን ያስታውሰናል። ተማሪ «ባለድርሻ» ሲል አንዳንዴ ባለአክሲዮን ማለቱ ነው፣ አንዳንዴ ሠራተኛውንና ሰፈሩን ማለቱ ነው። እኔ ወረቀቱን ሳርም የትኛውን እንደሆነ መገመት አልችልም። ፈተናው ላይ «ባለአክሲዮን» እና «ባለድርሻ አካል» ብላችሁ ለይታችሁ ጻፉ። ባለአክሲዮን ራሱ ከባለድርሻ አካላት አንዱ ነው። ባለድርሻ አካል ሁሉ ግን ባለአክሲዮን አይደለም።

ጥያቄ 1 (2 ነጥብ)። አንድ ፋብሪካ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ የትርፍ ሰዓት ሥራ ለሠሩ ሠራተኞች መደበኛውን የሰዓት ክፍያ በ1.75 አባዝቶ ይከፍላል። ሥራ አስኪያጁ ይህን «ለሠራተኞቻችን የምናደርገው ማኅበራዊ ድጋፍ» ብሎ በዓመታዊ ሪፖርቱ አስገባው። በካሮል የድርጅት ማኅበራዊ ኃላፊነት አከፋፈል ይህ የትኛው ደረጃ ነው?

ሀ. ኢኮኖሚያዊ
ለ. ሕጋዊ
ሐ. ሥነ ምግባራዊ
መ. በጎ አድራጎታዊ

መልሱ ለ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሚሠራ የትርፍ ሰዓት ሥራ በ1.75 ተባዝቶ ይከፈላል። በሕዝብ በዓል ቀን ከሆነ በ2.5። ግዴታ ነው። «መ»ን የመረጠ ሰው የሥራ አስኪያጁን ሪፖርት አምኖ ነው። ጥያቄው የሚፈትነውም ይህንኑ ነው፤ የሚከፈል ዕዳን ከስጦታ መለየት ትችላላችሁ ወይ?

ጥያቄ 2 (4 ነጥብ)። የካሮልን አራት ደረጃዎች ጻፍ። ለእያንዳንዱ ኅብረተሰቡ ከድርጅቱ ምን እንደሚጠብቅ በአንድ ዓረፍተ ነገር ግለጽ።

አርቺ ካሮል አራቱን ክፍሎች በ1979 አወጣቸው፤ በፒራሚድ የሳላቸው ደግሞ በ1991 ነው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ከታች ኢኮኖሚያዊ አለ፤ ድርጅቱ ሰው የሚፈልገውን አምርቶ፣ አትርፎ በእግሩ መቆም አለበት። ቀጥሎ ሕጋዊ፤ ሕግ ማክበር አለበት። እነዚህ ሁለቱ የግድ ናቸው። ሦስተኛው ሥነ ምግባራዊ ነው፤ ሕግ ባያስገድደውም ትክክል የሆነውን እንዲያደርግ፣ ጉዳት እንዳያደርስ ይጠበቅበታል። ከላይ በጎ አድራጎታዊ፤ ቢያደርግ ደስ ይለናል፣ ባያደርግ ግን ሥነ ምግባር የጎደለው አንለውም። በእኛ አቆጣጠር በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ቤት የፈረሰበትን ሰው አስቡ። አንድ ዳቦ ቤት በዚያ ሳምንት ለተፈናቀሉት ዳቦ በነጻ ቢያድል አራተኛው ላይ ነው። ያው ዳቦ ቤት በዚያው ሳምንት ዱቄት ጠፋ ብሎ የዳቦውን ሚዛን ቀንሶ በድሮው ዋጋ ቢሸጥስ? ያኔ ወደ ሁለተኛውና ሦስተኛው ተመልሰን እንጠይቀዋለን።

አንድ ስህተት ልንገራችሁ። ፒራሚዱ እንደ ደረጃ መውጫ ይመስላል። ብዙ ተማሪ «መጀመሪያ ያትርፍ፣ ከዚያ ሕግ ያክብር፣ ሲደላው ደግሞ ሥነ ምግባር» ብሎ ይጽፋል። ካሮል እንዲህ አላለም። አራቱም ባንድ ጊዜ የሚጠበቁ ናቸው። የታችኛው መሠረት ስለሆነ ነው ከታች የተቀመጠው።

ጥያቄ 3 (3 ነጥብ)። እውነት ወይስ ሐሰት? ምክንያቱንም ጻፍ። «ሚልተን ፍሪድማን እንደሚለው ድርጅት ትርፍ እስካገኘ ድረስ በማንኛውም መንገድ መሥራት ይችላል።»

ሐሰት። «ሐሰት» ብላችሁ ብቻ ካቆማችሁ 1 ነጥብ ነው የምትይዙት። ፍሪድማን በ1970 በኒው ዮርክ ታይምስ መጽሔት ላይ የጻፈው ሥራ አስኪያጅ የባለቤቶቹ ተቀጣሪ ነው፣ ኃላፊነቱም የእነሱን ፍላጎት ማስፈጸም ነው የሚል ነው። ፍላጎታቸው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በተቻለ መጠን ማትረፍ ነው ይላል። ግን ወዲያው ገደብ ያስቀምጣል፤ በሕግ የተደነገገውንም በልማድ የተከበረውንም የኅብረተሰቡን መሠረታዊ ደንብ አክብሮ፣ ያለ ማታለልና ያለ ማጭበርበር። ይህችን ገደብ የዘነጋ ሰው ፍሪድማንን የወንበዴ ጠበቃ ያደርገዋል። በአንድ ሰው ሐሳብ ባትስማሙም ሐሳቡን በትክክል መጻፍ ግዴታችሁ ነው።

ጥያቄ 4 (8 ነጥብ)። የባለአክሲዮን አመለካከትንና የባለድርሻ አካላት አመለካከትን አነጻጽር። ለእያንዳንዱ ጠንካራውን መከራከሪያ አቅርብ።

«ጠንካራውን» የሚለውን ቃል አስምሩበት። ብዙ ወረቀት ላይ የማነበው «ሼርሆልደር ራስ ወዳድ ነው፣ ስቴክሆልደር ደግ ነው» የሚል ነው። ይህ ማነጻጸር አይደለም።

የፍሪድማን ጠንካራ ክርክር «ገንዘቡ የማን ነው?» የሚለው ነው። ሥራ አስኪያጅ የኩባንያውን ገንዘብ ለማኅበራዊ ጉዳይ ሲያወጣ ከኪሱ አይደለም። የትርፍ ክፍፍሉ ካነሰ ከባለአክሲዮኑ፣ ዋጋ ከጨመረ ከደንበኛው፣ ደመወዝ ከተቀነሰ ከሠራተኛው ወሰደ ማለት ነው። ማንም ሳይመርጠው ግብር ሰብሳቢም በጀት መዳቢም ሆነ። በዚህ ላይ የፎርድን ጉዳይ መጥቀስ ትችላላችሁ። ሄንሪ ፎርድ ልዩ የትርፍ ክፍፍል አቁሞ የመኪና ዋጋ ልቀንስ፣ ፋብሪካውንም ላስፋ ሲል ዶጅ የሚባሉት ወንድማማቾች ከሰሱት። በ1919 የሚሺጋን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኩባንያ በዋናነት ለባለአክሲዮኖች ትርፍ የሚቋቋም ነው ብሎ ትርፉ እንዲከፋፈል አዘዘ። ማስፋፋቱን ግን አልከለከለም። ይህን ሁለተኛውን ክፍል የሚጽፍ ተማሪ ሲገጥመኝ ደስ ይለኛል፤ እስከ መጨረሻው አንብቧል ማለት ነው።

የኤድዋርድ ፍሪማን ክርክር በ1984 የመጣ ነው። ባለድርሻ አካል ማለት በድርጅቱ ዓላማ መሳካት የሚነካ ወይም እሱን ሊነካ የሚችል ማንኛውም ሰው ወይም ቡድን ነው። ጠንካራው ነጥብ ርኅራኄ አይደለም። ድርጅት የሚቆመው ሠራተኛው፣ አቅራቢው፣ ደንበኛውና ሰፈሩ ሁሉም የየራሳቸውን ስለሚያስገቡ ነው፤ ባለአክሲዮኑ ገንዘብ ብቻ ነው ያስገባው። ባቡሩ ባይመጣ ከዚራ የሚባል ሰፈር አይኖርም ነበር። ግን ሐዲዱን ያነጠፈው፣ ዕቃውን የተሸከመው፣ ከገጠር አትክልት ያመጣው ሰው ባይኖር ባቡሩ ራሱ ምን ይጭን ነበር?

ድክመቱንም ጻፉ። ሁሉም ባለድርሻ አካል ከሆነ ፍላጎታቸው ሲጋጭ ማን ይቅደም? በ2019 የአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎች ማኅበር የሆነው ቢዝነስ ራውንድቴብል ለሁሉም ባለድርሻ አካላት እንሠራለን ብሎ 181 ሥራ አስኪያጆች ፈረሙ። ለሁሉም ተጠያቂ ነኝ የሚል ለማንም ተጠያቂ አይሆንም የሚል ትችት ወዲያው ተነሣ።

ጥያቄ 5 (13 ነጥብ)። የሚከተለውን አንብበህ መልስ።

አንድ የሳሙና ፋብሪካ ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ክረምት ካልሆነ አሸዋ ብቻ የሆነ ወንዝ አጠገብ ይሠራል። ፍሳሹን ሳያጣራ፣ ከሕጉ ደረጃ በላይ፣ ወደ አሸዋው ይለቃል። የሰፈሩ ሴቶች አሸዋውን ቆፍረው ከሚወጣው ውሃ ልብስ ያጥባሉ፤ እጃቸው ይላጣል፣ ፍየሎችም ሞተዋል። ማጣሪያ ለመትከል 6 ሚሊዮን ብር ያስፈልጋል። የዘንድሮ የሚከፋፈል ትርፍ 9 ሚሊዮን ብር ነው፣ አክሲዮኖቹ 10,000 ናቸው። ቦርዱ ማጣሪያውን ትቶ ለሰፈሩ ትምህርት ቤት የ600 ሺህ ብር ወንበር ሰጠ፣ በወንበሮቹ ጀርባ ላይም አርማውን አሳተመ። ከባለአክሲዮኖቹ አንዱ 50 አክሲዮን ያላቸው፣ በእሱ ትርፍ የሚተዳደሩ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ ናቸው።

ሀ. የፍሳሹና የወንበሩ ጉዳይ በየትኛው ደረጃ ይወድቃሉ? (4 ነጥብ)
ለ. ሴቶቹ ምን ዓይነት ባለድርሻ አካል ናቸው? (4 ነጥብ)
ሐ. ፍሪድማን ስለ ፍሳሹና ስለ ወንበሩ ምን ይላል? (5 ነጥብ)

የ«ሀ» መልስ። ፍሳሹ ሕጋዊ ደረጃ ላይ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከደረጃ በላይ መበከልን ይከለክላል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን አስፍሯል። ሕጉ ባይኖር እንኳ የሰው እጅ መላጡ ሥነ ምግባራዊ ጥያቄ ይሆን ነበር። ወንበሩ በጎ አድራጎት ነው። የላይኛው የታችኛውን አይሸፍንም። ልጆቹ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ይማራሉ፣ እናቶቻቸው ግን እጃቸው እየተላጠ ነው። «ፋብሪካው በከፊል ኃላፊነቱን ተወጥቷል» ብሎ ለጻፈ ሰው ሙሉ ነጥብ አልሰጥም።

የ«ለ» መልስ። ሚቼል፣ አግልና ዉድ በ1997 ሦስት መለኪያ አቅርበዋል፤ ኃይል፣ ተገቢነት፣ አስቸኳይነት። የሴቶቹ ጥያቄ ተገቢም አስቸኳይም ነው። ኃይል ግን የላቸውም፤ ቦርዱ ውስጥ ድምፅ የላቸውም፣ ከዚያ ሳሙና ባይገዙ ፋብሪካው አይጎዳም። ስለዚህ ጥገኛ ባለድርሻ አካል ይባላሉ። ጉዳያቸው እንዲሰማ ኃይል ያለው ሌላ አካል ያስፈልጋቸዋል፤ ቀበሌው፣ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ወይም አንድ ባለአክሲዮን።

የ«ሐ» መልስ ብዙዎቻችሁን ያስደንቃል። ፍሪድማን ፍሳሹን አይደግፍም፤ ሕግ መጣስ ነው። ወንበሩንም ይጠራጠራል፤ የባለአክሲዮኖች ገንዘብ ነው። ገበያ ለማግኘት ተብሎ ከሆነ ግን እንደ ማስታወቂያ ወጪ ያየዋል፣ «ማኅበራዊ ኃላፊነት» የሚለውን ስም ብቻ ይነቅፋል። አያችሁ፣ በዚህ ጉዳይ ፍሪድማንና ፍሪማን ማጣሪያው ይተከል በሚለው ላይ አይለያዩም። የሚለያዩት ምክንያታቸው ላይ ነው። ይህን ላየ ሰው 5 ከ5።

ጥያቄ 6 (ለውይይት)። ማጣሪያው ዘንድሮ ከተተከለ የአንድ አክሲዮን ትርፍ ከ900 ብር ወደ 300 ብር ይወርዳል። ጡረተኛው 45,000 ብር የጠበቁት 15,000 ብር ይሆናል። ፋብሪካው ለዓመታት ሳያጣራ ሲያተርፍ እሳቸውም ትርፉን ሲወስዱ ኖረዋል፤ ፍሳሹን ግን አያውቁም ነበር። ለእሳቸው ምን ትሏቸዋላችሁ? ፊት ለፊታችሁ ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ እንደሆነ አድርጋችሁ፣ «አባባ» ብላችሁ ጀምራችሁ ጻፉ።

የዚህን መልስ አልጻፍኩትም። ሐሙስ ማታ ጽፋችሁ ይዛችሁ ኑ፣ ክፍል ውስጥ አንድ በአንድ እናነባለን።