ጉዳዩ፦ ልጅ በስህተት የገዛቸው የዕንቁ ጥቅሎች ገንዘብ እንዲመለስ ስለመጠየቅ

ጥቅምት 13 ቀን 2018 ዓ.ም. (ኦክቶበር 23 ቀን 2025)
ድሬዳዋ፣ ከዚራ

ለደንበኞች ድጋፍ ክፍል

እሑድ ጥቅምት 9 ቀን የስድስት ዓመት ልጄ በስልኬ ጨዋታችሁን ሲጫወት በሦስት ደቂቃ ውስጥ አራት የዕንቁ ጥቅል ገዝቷል። ከካርዴ በድምሩ 64.96 ዶላር ተቆርጧል። ገንዘቡ እንዲመለስልኝ፣ ዕንቁዎቹም ከመለያዬ ላይ እንዲነሱ እጠይቃለሁ።

የተጫዋች መለያ ቁጥሬ 7K4Q-9921 ነው። ስልኩ አንድሮይድ 13 ሲሆን የጨዋታው ስሪት 4.12.1 ነው። የግዢዎቹ ዝርዝር ከደረሰኞቹ እንደሚታየው ይህ ነው፦

ከምሽቱ 1:12፣ ባለ 300 ዕንቁ፣ 4.99 ዶላር፣ GPA.3381-2046-7715-90412
ከምሽቱ 1:13፣ ባለ 1,400 ዕንቁ፣ 19.99 ዶላር፣ GPA.3381-2046-7790-11835
ከምሽቱ 1:14፣ ባለ 1,400 ዕንቁ፣ 19.99 ዶላር፣ GPA.3327-5168-0043-62970
ከምሽቱ 1:15፣ ባለ 1,400 ዕንቁ፣ 19.99 ዶላር፣ GPA.3327-5168-0112-48356

ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ነው። ከምሽቱ 1:12 ማለት 19:12 ነው፤ መዝገባችሁ በዩቲሲ ከሆነ ደግሞ ኦክቶበር 19 ቀን 16:12 ላይ ታገኙታላችሁ። በዚያው ምሽት 12:58 ላይ የተገዛው የ0.99 ዶላር የዕለት ስጦታ የራሴ ግዢ ስለሆነ ከጥያቄው ውጪ ነው፤ እንዳይነካብኝ።

ለስህተቱ በር የከፈተው ግን ይኸው የራሴ ግዢ ነው። የጉግል ፕሌይ የግዢ ማረጋገጫ “በየ30 ደቂቃው” በሚለው ላይ ነበር። 12:58 ላይ የይለፍ ቃሌን ስላስገባሁ እስከ 1:28 ድረስ ስልኩ ለማንኛውም ግዢ ሌላ ማረጋገጫ አይጠይቅም፤ አራቱም ግዢዎች የተፈጸሙት በዚህ ክፍተት ነው። ጨዋታው በአማርኛ ቢሆንም የሱቁ ገጽ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው፤ ልጁ ገና ከሀ ሁ ጋር እየታገለ ነው። ሣጥን ተከፍቶ ሲያበቃ የግዢው ቁልፍ የሚመጣውም “ክፈት” የሚለው በነበረበት ቦታ፣ በዚያው አረንጓዴ ቀለም ነው። ሣጥን ለመክፈት ደጋግሞ የሚነካ ጣት እዚያ ላይ ማረፉ አይቀርም።

የካርድ ስርቆት ነው አልልም። ግዢዎቹ የተፈጸሙት በራሴ ስልክና በቤቴ ዋይፋይ ስለሆነ መለያው እንዲታገድ ወይም የማጭበርበር ምርመራ እንዲከፈት አልፈልግም። ባንኬም ክፍያውን እንዲከራከርልኝ አልጠየቅሁም፤ አንድ ክፍያ በሁለት መንገድ ሲጠየቅ ሁለቱም ይጓተታሉ።

ከግዢው በፊት በመለያዬ 85 ዕንቁ ነበር። አራቱ ጥቅሎች 4,500 ጨመሩ። ልጁ ከዚያ ላይ እያንዳንዳቸው 150 ዕንቁ የሚያስወጡ ሁለት ሣጥኖች ከፍቷል። ዛሬ የሚታየው ቀሪ 4,285 ነው። ከዚያ ምሽት ወዲህ ምንም ዕንቁ ስላልወጣ ቁጥሩ በእናንተም በኩል ይኸው መሆን አለበት።

የአገልግሎት ውላችሁ ጥቅም ላይ የዋለ ዕንቁ አይመለስም ይላል። ይህን አንቀጽ በጥብቅ የምትተረጉሙት ከሆነ እንኳ የሚነካው የመጀመሪያውን ባለ 300 ጥቅል ብቻ ነው፤ ሦስቱ ባለ 1,400 ጥቅሎች እንዳሉ ናቸው። ስለዚህ አራቱም እንዲመለሱ እጠይቃለሁ፤ ካልሆነ የሦስቱ 59.97 ዶላር ይመለስ፣ 4,200 ዕንቁም ይቀነስ። ከሁለቱ ሣጥኖች የወጡትን ዕቃዎች ብታነሱም አልቃወምም።

ወደ እናንተ የጻፍኩት ክፍያውን ያየሁት ማክሰኞ ማታ፣ የጉግል ፕሌይ የ48 ሰዓት የመመለሻ ጊዜ ካለፈ በኋላ ስለሆነ ነው። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ለጨዋታው አዘጋጅ ይቀርባል። እናንተም በፕሌይ ኮንሶል የትዕዛዝ ማስተዳደሪያ ገጽ ላይ በትዕዛዝ ቁጥሩ ፈልጋችሁ ገንዘቡን መመለስና የተገዛውን መሰረዝ ትችላላችሁ።

ገንዘቡ በዕንቁ ወይም በሱቅ ቅናሽ እንዳይተካ አደራ። ካርዱ አስቀድሞ ዶላር የሚሞላበት ነው፤ እዚህ ዶላር ማስሞላት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። መመለስ ያለበትም በተከፈለበት መንገድ፣ በ4471 ወደሚያበቃው ካርድ ነው። የካርዱ የአገልግሎት ጊዜ 12/25 ላይ ስለሚያበቃ ከዚያ በፊት ቢፈጸም መልካም ነው፤ ካለፈ ገንዘቡ ባንክ ውስጥ ተንጠልጥሎ ሊቀር ይችላል።

አሁን ማረጋገጫው ለእያንዳንዱ ግዢ እንዲጠየቅ አድርጌዋለሁ፤ ካርዱንም ከስልኩ መለያ አውጥቻለሁ። ልጁ የሚጫወተው በፋሚሊ ሊንክ በሚተዳደር የራሱ መለያ፣ ግዢን እኔ ሳልፈቅድ በማያልፍ ቅንብር ነው።

አራቱን ደረሰኞች፣ የካርዱን መግለጫና የቀሪ ዕንቁውን ስክሪንሾት አያይዣለሁ። ሙሉ የካርድ ቁጥርና የይለፍ ቃል አልላክሁም፤ ለዚህ ጉዳይም አያስፈልጉም። ሌላ ማስረጃ ካስፈለገ በዚሁ ኢሜይል ጠይቁኝ፤ በዚያው ቀን እልካለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ሰላማዊት