የጠዋት ሦስት ስንኝ፦ 5-7-5 ለጀማሪዎች
የአጭር ግጥም ክፍል፣ የ2ኛ ሳምንት መልመጃ ወረቀት

የዛሬው ክፍለ ጊዜ 90 ደቂቃ ነው። መጀመሪያ አቆጣጠሩን እንለማመዳለን፣ ቀጥሎ የተጻፉትን ግጥሞች ጮክ ብለን እናነባለን፣ የመጨረሻዎቹን 30 ደቂቃዎች ደግሞ እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን ትጽፋላችሁ። እርሳስ ያዙ፤ መሰረዝ ይበዛል።

ሦስት ስንኝ ሆኖ በ5፣ በ7 እና በ5 ቀለም የሚጻፈው ቅርጽ የመጣው ከጃፓን ነው። ሃይኩ የሚለውን ስም ያጸናው ማሳኦካ ሺኪ (1867–1902) ሲሆን፣ ከእሱ በፊት ማትሱኦ ባሾ (1644–1694) በዚሁ መጠን የጻፋቸው ግጥሞች የረጅም ቅብብል ግጥም መክፈቻ ከሆነው ሆኩ የወጡ ናቸው። ሦስት ስንኝ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ ከግእዝ ቅኔ ዘአምላኪየ እና ሚበዝኁ ባለ ሦስት ቤት ናቸው። ነገር ግን እዚያ ልኩን የሚሰጠው ዜማው ነው፤ እዚህ ቁጥሩ ነው። ጃፓኖች የሚቆጥሩት ድምፅ ከእኛ ቀለም ያንሳል፦ ቶኪዮ በእነሱ 4 ነው፣ በእኛ ቶ-ኪ-ዮ፣ 3። ስለዚህ 17 የአማርኛ ቀለም ከ17 የጃፓን ድምፅ የበለጠ ይሸከማል። ጠበበኝ የሚል ሰው ይህን ያስታውስ።

አቆጣጠር

ቀለም ስንል በአንድ ምት የሚነገረውን ድምፅ እንጂ ፊደል ማለታችን አይደለም። የመጀመሪያው ስህተት ሁልጊዜ እዚህ ላይ ነው። ከሳድስ በቀር ሌሎቹ ስድስቱ ፊደላት እያንዳንዳቸው 1 ይቆጠራሉ፦ ጀ-በ-ና 3፣ ቡ-ና 2። ችግሩ ሳድሱ ነው። በቃል መጀመሪያ ላይ ሲመጣ ይቆጠራል፦ ስ-ኒ 2፣ ብ-ቻ 2። ከአናባቢ ቀጥሎ ቃሉን ሲዘጋ አይቆጠርም፦ ጠ-ዋት 2፣ ፀ-ሐይ 2። መሐል ላይ ሲሆን ጆሮን መጠየቅ ነው። ላልቶ ከተነበበ ከፊቱ ያለውን ይዘጋል፦ ዳብ-ሳ 2፣ መስ-ኮት 2። ጠብቆ ከተነበበ ግን ራሱን ችሎ ይከፈታል፦ ጨ-ም-ሩ 3፣ ት-ንሽ 2።

ሦስቱም ፊደላቸው ሳድስ የሆኑ ቃላት ላይ ተጠንቀቁ። ብርድ 1 ነው፤ እግር 2 (እ-ግር)፤ ምድር 2 (ም-ድር)፤ ልብስ 1። ልዩነቱ ከመጨረሻዎቹ ሁለት ድምፆች ይመጣል፦ ር እና ድ ተያይዘው ይነገራሉ፣ ግ እና ር ግን መሐላቸው ትንሽ ድምፅ ካልገባ አይወጡም። ቃሉን ሩቅ ያለ ሰው እንደምትጠሩ ጎተት አድርጋችሁ እያላችሁ ጠረጴዛውን በጣት ምቱ፤ በፍጥነት ከተናገራችሁት ምቱ ይጠፋል።

አወዛጋቢ ቃላት አሉ። ታኅሣሥን አንዱ ታ-ኅ-ሣሥ ይለዋል፣ ሌላው ታኅ-ሣሥ። በቅጠል ለአንዱ 3፣ ለሌላው 2 ነው። የእናቴ በንግግር የናቴ ይሆናል። ለጀማሪ የሚሻለው እንዲህ ያለውን ቃል በሌላ መተካት ነው፤ ስለ አንድ ቀለም ግማሽ ሰዓት መሟገት ግጥም አያወጣም። ሁለት አናባቢ በቃላት መሐል ሲገናኙም (ገና አልመጣችም) በንግግር ይዋጣሉ። በዚህ ክፍል ቃል በቃል ለያይተን እንቆጥራለን፦ ገ-ና፣ አል-መ-ጣ-ችም፣ ድምሩ 6።

አንድ ቀለም ሲጎድል ወይም ሲተርፍ ቃሉን ከመቀየር በፊት ቅጥያውን እዩ። ቡና 2፣ ቡናው ያው 2፣ ቡናዬ 3። ቤት 1፣ ቤቱ 2፣ ቤትን 2። በአናባቢ በሚያልቅ ቃል ላይ «ው» እና «ን» በነፃ ይገባሉ፤ በተነባቢ በሚያልቅ ላይ ዋጋ አላቸው። የግስ ቅጥያ ደግሞ ቀለም በላተኛ ነው፦ አልተመለሰችም ብቻውን 6 ይወስዳል። በ5 ስንኝ ውስጥ አይገባም፣ በ7 ውስጥ ገብቶ አንድ ቀለም ብቻ ይተርፈዋል።

ማሟሟቂያ፣ 3-5-3

ጀበና፤
አንድ ስኒ ብቻ፤
ሰንበት ነው።

(ጀ-በ-ና / አንድ-ስ-ኒ-ብ-ቻ / ሰን-በት-ነው)

«ብቸኝነት» የሚል ቃል የለበትም። ሦስተኛው ስንኝ ቀኑን ብቻ ይናገራል፤ በሰንበት ቡና ስንት ስኒ እንደሚቀርብ አንባቢው ያውቃል፣ የቀረውን ራሱ ይሞላል።

የጠዋት ግጥሞች፣ 5-7-5

እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ አንብቡ፤ አንዴ እየቆጠራችሁ፣ አንዴ ቁጥሩን ትታችሁ።

ቡና ተጣደ፤
ጎረቤቴ በር ላይ ናት፤
ስኒ ጨምሩ።

(ቡ-ና-ተ-ጣ-ደ / ጎ-ረ-ቤ-ቴ-በር-ላይ-ናት / ስ-ኒ-ጨ-ም-ሩ)

ረዳቱ ጮኸ፦
«ሜክሲኮ! አንድ ሰው ብቻ!»
አራት ሰው ገባ።

(ረ-ዳ-ቱ-ጮ-ኸ / ሜክ-ሲ-ኮ-አንድ-ሰው-ብ-ቻ / አ-ራት-ሰው-ገ-ባ)

አደይ ላይ ጤዛ፤
ንብ ገና አልመጣችም፤
ፀሐይ ቀደመች።

(አ-ደይ-ላይ-ጤ-ዛ / ንብ-ገ-ና-አል-መ-ጣ-ችም / ፀ-ሐይ-ቀ-ደ-መች)

ደወል ተሰማ፤
እናቴ ነጠላዋን
ዳብሳ አነሳች።

(ደ-ወል-ተ-ሰ-ማ / እ-ና-ቴ-ነ-ጠ-ላ-ዋን / ዳብ-ሳ-አ-ነ-ሳች)

የጥር ብርድ ጠዋት፤
ድመቷ ጋቢዬ ላይ፤
መነሳት ቀረ።

(የ-ጥር-ብርድ-ጠ-ዋት / ድ-መ-ቷ-ጋ-ቢ-ዬ-ላይ / መ-ነ-ሳት-ቀ-ረ)

የመጀመሪያው ደንብ ወቅት ነው፤ ጃፓኖች ወቅትን የሚናገር ቃል ያስገባሉ። አደይ የሚለው ሁለት ቀለም መስከረምን፣ ክረምቱ መውጣቱንና ሜዳው ቢጫ መሆኑን በአንዴ ያመጣል፤ «መስከረም ነው» ብሎ ቀለም ማባከን አያስፈልግም። ጥር ብርዱን ይዞ መጥቷል። በነጠላው ግጥም ውስጥ ደግሞ ጨለማ የሚል ቃል የለም፤ ዳብሳ የሚለው ግስ ሥራውን ጨርሶታል። አዳዲስ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ይጽፋሉ፣ ከዚያ ሦስተኛው ስንኝ 8 ሆነ ብለው ይቸገራሉ።

ሁለተኛው ደንብ ስብራት ነው። ከስንኞቹ በአንዱ መጨረሻ ላይ ሐሳቡ ይቆርጣል፣ ከዚያ ሌላ ነገር ጎኑ ይቀመጣል። ጃፓንኛ ለዚህ የተለየ የመቁረጫ ቃል አለው፤ እኛ ድርብ ሰረዝ እንጠቀማለን። በታክሲው ግጥም ስብራቱ ከሁለተኛው ስንኝ በኋላ ነው፦ ረዳቱ የሚለው ሌላ፣ የሚሆነው ሌላ። ስብራቱን ወደ መጀመሪያው ስንኝ ብታዞሩት ሳቁ ይጠፋል፤ ሞክሩት።

ቁጥሩ ልክ፣ ግጥሙ ሙት

ውብ የሆነ ቀን፤
ወፎቹ ሲዘምሩ
ደስ ይላል በጣም።

ቁጠሩት፣ 5-7-5 ነው። ግን ምንም አይታይበትም። «ውብ» ፍርድ ነው እንጂ ዕቃ አይደለም፤ ወፎቹ የትኞቹ እንደሆኑ አይታወቅም፤ ሦስተኛው ስንኝ ደግሞ አንባቢው ሊሰማው የሚገባውን ቀድሞ ይነግረዋል። «በጣም» የገባው ሁለት ቀለም ለመሙላት ብቻ ነው፤ የመሙያ ቃል ሁልጊዜ ይታወቃል። ወፉን አንድ አድርጉት፣ ስም ስጡት፣ የሚሠራውን አሳዩ፦

የልብስ ገመድ ላይ
ቁራው ሳሙና ይዞ
እኔን ያየኛል።

(የ-ልብስ-ገ-መድ-ላይ / ቁ-ራው-ሳ-ሙ-ና-ይ-ዞ / እ-ኔን-ያ-የ-ኛል)

ከረቂቅ ወደ 17

አንድ ረቂቅ እንዲህ ነበር እንበል፦

ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ (7)
ጠዋት ቆርቆሮ ጣራው ላይ አንድ ትንሽ ወፍ (12)
ክንፉን እያራገፈ ያደርቃል (10)

29 ቀለም ነው፤ 12 መውጣት አለበት። «ሌሊቱን» ካለ «ሙሉ» ትርፍ ነው፣ 2 ወጣ። ቆርቆሮ ካለ ጣራ አያስፈልግም፣ እዚያው «ው» ቆርቆሮ ላይ በነፃ ትገባለች፣ 2 ወጣ። ወፉ በነጠላ ስለተጻፈ አንድ መሆኑ ታውቋል፣ 1። ትንሽነቱን ማንም አልጠየቀም፣ 2። «እያራገፈ» ጥሩ ግስ ነው፤ ግን ከሁለቱ ግሶች አንዱ ብቻ ይተርፋል፣ እሱ ደግሞ 5 ቀለም ነው። ወጣ።

ሌሊቱን ዘንቦ
ጠዋት ቆርቆሮው ላይ ወፍ
ክንፉን ያደርቃል።

ይህ ስብራት የለውም፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሌሊቱና ወፉ ራሳቸው ስለሚራራቁ ይቻላል፤ ግን ሦስቱንም ግጥሞቻችሁን እንዲህ አትጻፉ።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም

የሁለተኛው ስንኝ 6 ላይ መቆም። ጆሯችን ያደገው በየወል ቤት ነው፣ 6 እና 6። ሳናውቀው 6 ላይ እናርፋለን። ሁለተኛውን ስንኝ ሁልጊዜ በጣት ደግማችሁ ቁጠሩ።

የቤት መምታት ፍላጎት። በዚህ ቅርጽ ቤት መምታት ግዴታ አይደለም፣ ባይኖር ይሻላል። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ሦስቱም ስንኝ በ«-ች» ወይም በ«-አል» እያለቁ ሳይታሰብ ቤት ይመታሉ፤ ያኔ ግጥሙ መፈክር ይመስላል። መድኃኒቱ ቢያንስ አንዱን ስንኝ በስም ወይም በ«ላይ» መጨረስ ነው። ከላይ ያሉትን ተመልከቱ፦ ጤዛ፣ ጠዋት፣ ጋቢዬ ላይ።

ቃልን በስንኝ መሐል መቁረጥ። ቁጥሩ እንዲሞላ ቃሉን ግማሹን ወደ ታች ማውረድ አይፈቀድም። ስንኝ በሙሉ ቃል ያልቃል።

የዛሬ ሥራ

ከሚከተሉት የመጀመሪያ ስንኞች አንዱን መርጣችሁ 7 እና 5 ጨምሩበት። ሦስቱም 5 መሆናቸውን መጀመሪያ አረጋግጡ።

ዳቦ ቤቱ በር
ልጅ ጫማ ጠፋው
ጎህ ሲቀድ መብራት

ለሚቀጥለው ሳምንት ሦስት ግጥም አምጡ። ሁሉም ከእንቅልፍ በተነሳችሁ የመጀመሪያ አንድ ሰዓት ውስጥ ባያችሁት፣ በሰማችሁት ወይም ባሸተታችሁት ነገር ላይ ይሁኑ፤ ጠዋት የሚል ቃል ከሦስቱ በአንዱ ብቻ ይግባ። እያንዳንዱን ግጥም በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ከሥሩ ቀለሙን በሰረዝ ለያይታችሁ አስቀምጡ፣ ስማችሁን ከጀርባ። ክፍል ውስጥ ወረቀቱ ይደባለቃል፤ እያንዳንዱ ሰው የሌላውን አንስቶ ጮክ ብሎ ያነባል። አንባቢው የተደናቀፈበት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርግ፤ አብዛኛውን ጊዜ የአቆጣጠር ስህተቱ እዚያው ነው።