የነጠላው ጫፍ

(የቡና ቁሌት ድምፅ፤ ከዚያ ትረካ)

ይህ የምትሰሙት የቡና ቁሌት ነው። ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ ባለች መንደር፣ አንድ ጠዋት የተቀረፀ። ቡናው የእኚህ እናት ነው። የምትቆላው ግን ጎረቤታቸው ናት። እሳቸው በራፉ ላይ ፊታቸውን ወደ ውጭ መልሰው ተቀምጠዋል። ጭሱን አይችሉትም።

እኔ ነርስ ነኝ። ሥራዬ የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና ነው። ከእኚህ እናት ጋር የተገናኘነው ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው።

እጃቸውን እዩ። የነጠላቸውን ጫፍ እየፈቱ ነው። እዚያ የተቋጠረው ወረንጦ ነው። ገበያም ሲሄዱ፣ ቤተ ክርስቲያንም ሲሳለሙ ከእሳቸው አይለይም።

ሕመማቸው ትራኮማ ነው። በዓለም ላይ ትራኮማ በብዛት ካለባቸው አገሮች ቀዳሚዋ የኛ አገር ናት። በሽታው በልጅነት ይይዛል። በእጅ፣ በጨርቅ፣ በዝንብ ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው ይሄዳል። ልጅ የሚያቅፉት፣ ፊት የሚጠርጉት እናቶች ስለሆኑ እነሱን ደጋግሞ ያገኛቸዋል። ሲመላለስ የዓይን ቆቡን ከውስጥ ጠባሳ ያደርገዋል። ጠባሳው ቆቡን ይስበዋል። ያኔ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይቀለበስና ብሌኑን ይፍቃል። ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ይፍቃል።

ዓይናችሁ ውስጥ አሸዋ ገብቶ ያውቃል? ታጥባችሁት ወጥቷል። የእሳቸው አይወጣም። ስለዚህ ጸጉሩን በወረንጦ ይነቅሉታል። ተመልሶ ይበቅላል። አጭርና ደረቅ ሆኖ ሲመጣ ደግሞ ይብስ ይወጋል።

አሁን ራሳቸው አጥርተው ስለማያዩ የምትነቅልላቸው የልጅ ልጃቸው ናት። ትንፋሿን ይዛ ነው የምትነቅለው። ያንን ቀርፀነው ነበር። ይህን ፊልም ከማንም በፊት ያየነው ከእሳቸው ጋር ነው። እዚያ ቦታ ሲደርስ፣ «መናገሩን ተናገሩ ልጄ፤ እሷን ግን አታሳዩ። በኔ ሕመም አትታወቅ» አሉኝ። አወጣነው። ስማቸውንም ያልጠራነው ለዚህ ነው።

(አጭር ዝምታ)

ቀዶ ሕክምናው ለአንድ ዓይን ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ቆቡን እናደነዝዛለን፣ ወደ ውጭ መልሰን እንሰፋለን። ያን ቀን ዓይኑ ይሸፈናል፤ በማግስቱ ይፈታል።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልንገራችሁ። የእኚህ እናት የቀኝ ዓይን ብርሃን አልተመለሰም። እኛ ጋ ሳይደርሱ ጠፍቷል። ይህ ሕክምና የጠፋ ብርሃን አይመልስም፤ ሕመሙን ያስቆማል፣ የቀረውን ዓይን ያተርፋል። አንዳንዴም ጸጉሩ ተመልሶ ይቀለበስና ደግመን እንሠራለን። ለዚህ ነው ከሠራን በኋላ ተመልሰን የምናያቸው።

በመጪው ጥር በዚሁ ወረዳ 60 ሰዎችን ለማከም ተዘጋጅተናል። ለአንድ ሰው 2,400 ብር ያስፈልጋል። በዚህ የቀዶ ሕክምናው ዕቃ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሁለት ቀን ምግብና ማደሪያ፣ እንዲሁም የክትትሉ ወጪ ይሸፈናል። በየመንደሩ ለሚታደለው የትራኮማ መድኃኒት ግን ገንዘብ አንጠይቅም። እሱን አምራቹ በእርዳታ ይሰጠዋል።

መስጠት የምትችሉ፣ በቴሌብር ወይም በባንክ፣ ቁጥሩ ከታች ይታያል። 50 ብርም ሌላው ላይ ተደምሮ ይሠራል። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት ኪራይ ያለባችሁ ደግሞ እሱን አስቀድሙ። ይህን የምለው ከልቤ ነው። ገጠር ያለች እናታችሁ ወይም አክስታችሁ ዓይኔን ወጋኝ፣ ጸጉር በቀለብኝ ካለች፣ ጤና ጣቢያ ውሰዷት። እሱም ለኛ ትልቅ ነገር ነው።

ከ60 ሰው የተረፈ ገንዘብ ካለ ለቀጣዩ ወረዳ ይውላል። ስንቱን እንዳከምን፣ ስንት ብር እንደወጣ፣ ያልተሳካልንም ካለ፣ በመጋቢት እዚሁ እንነግራችኋለን።

(የቡና ቁሌት ድምፅ ተመልሶ ይመጣል)

ይህ የተቀረፀው ከቀዶ ሕክምናው ስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ቡናውን የሚቆሉት ራሳቸው ናቸው። ጭሱ ትንሽ ያስለቅሳቸዋል፤ እሱማ ሁላችንንም ያስለቅሳል። ወረንጦውን የት ጣሉት ብዬ ጠየቅኳቸው። ነጠላቸውን ፈተው አሳዩኝ። እዚያው ነው።

«ለምን እጥለዋለሁ ልጄ፣» አሉኝ፣ «ለእሾህ ይሆናል።»