ለካትሪን፣ ከጋቢው ጋር

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ካትሪን፣

እንደምን ሰንብተሻል? ይህን ጥቅል የሚያደርስልሽ የአጎቴ ልጅ ነው። ሻንጣው ሞልቶ ስለነበር ለዚህ ቦታ ለማግኘት ሦስት ኪሎ በርበሬ አስወጥተነዋል፤ ስለዚህ ሲያስረክብሽ ፊቱ ጠቆር ቢልብሽ አትቀየሚው።

ስትፈቺው ቀድሞ የሚያውድሽ የአሪቲ ሽታ ነው፤ እናቴ ሳጥን ውስጥ ከአሪቲ ጋር አስቀምጣው ነበር። ያ ስታዪው «ወፍራም ነጠላ» ያልሽው ልብስ ነው፣ ጋቢ። እናቴ «እንግዲያው በሬም ወፍራም ፍየል ነው በያ!» ብላ የሳቀችውን ታስታውሻለሽ? በእርግጥ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳትሽም። ነጠላ ሁለት እጥፍ ነው፣ ጋቢ ደግሞ አራት። ነጠላ ለመውጫ፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለለቅሶ ነው፤ ጋቢ ግን የቤት፣ የምሽት፣ የብርድ ነው። በዚያ ሐምሌ መብራት ጠፍቶ ተቀምጠሽ ያንቀላፋሽበት፣ እናቴም «ተዉአት፣ ትተኛ» ብላ ማንንም እንዳይቀሰቅስሽ የከለከለችበት የእሷ የራሷ ጋቢ ነበር። ይህኛው ያንቺ ነው።

መሐሉ ላይ ከላይ እስከ ታች የወረደ ስፌት ታገኛለሽ፤ የተቀደደ ነገር ተጥፎ እንዳይመስልሽ። ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ ተቀምጦ ነው የሚሠራው፤ መወርወሪያውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው ስለሚወረውር ጨርቁ እጁ ከሚደርስበት አይሰፋም። ስለዚህ ረዥም አድርጎ ይሸምነዋል፣ ከዚያ ተቆርጦ፣ ተጣጥፎና ጎን ለጎን ተሰፍቶ ጋቢ ይሆናል። የእኛ ሸማኔ አብረን የሄድንበት ሽሮ ሜዳ ያለ የዶርዜ ሰው ነው። ዋጋ ስትከራከሪ የሳቀብሽ ሳይሆን ከጎኑ ያለው።

ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፤ ዛሬ ብዙው እንዲህ ነው፣ እኔም ልደብቅሽ አልፈልግም። ማጉ ግን የእናቴ እጅ ነው። ጥጡን ፍሬውን አውጥታ፣ በደጋን ነድፋ፣ ባዘቶ አድርጋ፣ ከዚያ በእንዝርት ፈትላዋለች። ክረምቱን ሙሉ ቡና እየተፈላ፣ ጎረቤት እየገባ እየወጣ፣ እንዝርቷ አልቆመም። እጅሽን በጋቢው ላይ ስታንሸራትቺ አንዳንድ ቦታ ወፈር፣ አንዳንድ ቦታ ቀጠን ይልብሻል። ወፍራሙ ዐይኗ ከደከመ በኋላ የፈተለችው ነው። ሸማኔው ልቃቂቶቹን አገላብጦ «ይህንን ብንተወውስ እማማ?» ሲላት «ሙቀቱ ያለው እሱ ላይ ነው፤ አስገባው» አለችው።

አሁን ስለ አጠቃቀሙ። መሶቡን ግድግዳ ላይ እንደሰቀልሽው በፎቶ አይቻለሁ። ምንም አላልሁሽም (ለእናቴ ግን ፎቶውን አላሳየኋትም)። ጋቢውን ግን እባክሽ እንዳትሰቅዪው፣ ሶፋም ላይ ለጌጥ እንዳታነጥፊው። ባለፈው ወር ማሞቂያ ተወደደ፣ ማታ ማታ ካፖርት ለብሼ ነው የማነበው ብለሽ ስትጽፊልኝ ነው እናቴ ጥጥ ግዢልኝ ያለችኝ ብልሽ ውሸት ይሆናል፤ ቀድማ ጀምራዋለች። ደብዳቤሽን ሳነብላት ግን ሸማኔው ቤት በማግሥቱ ሄዳ እንዲያጣድፍላት ጨቀጨቀችው። ስለዚህ ማታ ስታነቢ ሁለቱንም ትከሻሽን ሸፍኚ፣ የቀኝ ጫፉን በግራ ትከሻሽ ላይ ጣል አድርጊው፤ እግርሽንም ወደ ውስጥ ሰብስቢ።

መጀመሪያ ይሻክርሻል። አዲስ ጋቢ እንዲህ ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠብ ይለሰልሳል፣ ትንሽም ይሰበሰባል፣ አትደንግጪ። ለብ ባለ ውሃ፣ በእጅ፣ በሳሙና ብቻ። በረኪና አይንካው፣ ጥለቱን ያጠፋዋል። እናቴ «ፀሐይ ላይ ይሰጣ» ብላለች። የሀምቡርግ ኅዳር ምን እንደሚመስል ላስረዳት ሞክሬ ነበር፤ «ፀሐይ የሌለበት አገር የለም» ብላ ዘጋችኝ። አንቺው መላ ፈልጊለት።

ለእሷ ገንዘብ እንዳትልኪ፣ ትቀየማለች። የሚያስደስታትን ካልሽኝ ለብሰሽው ተነሺና ፎቶውን ላኪልኝ፤ ይህንን አሳያታለሁ።

ለእናትሽና ለእህትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እናቴ «ልጄ በርቺ፣ ብርዱ እንዳይመታሽ» ትልሻለች።

ያንቺው
ትዕግሥት