«የአባባ ሰዓት»፦ ሌላ መጨረሻ

«የአባባ ሰዓት» በተሰኘው ታሪኬ የመጀመሪያ መጨረሻ ዳዊት የሸጠውን የአባቱን ሰዓት አስመልሶ ይመጣል። እህቱ ሰላም እግር ላይ ወድቆ ያለቅሳል፤ እሷም ይቅር ትለዋለች። መልሼ ሳነበው ከነከነኝ። በታሪኩ ሙሉ አንዴ እንኳ «አጥፍቻለሁ» ያላለ ሰው፣ ድንገት ምን ነካው? ሰዓቱ ዕቃ ሲጭኑ ሲያወርዱ ጠፋ ብላ የዋሸችው እናትስ የት ገባች? ስለዚህ ከበሩ መንኳኳት ጀምሮ እንደገና ጻፍኩት።

በሩ ተንኳኳ። ሰላም ከፈተች። ዳዊት የመሣሪያ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ቆሟል። ግባ አላለችውም፤ በሩንም አልዘጋችበትም።

«በርሽ አልቆለፍ አለ አሉ።»

«ለእማዬ ከነገርኳት ሁለት ወር ሆነው።»

«እኔ አሁን ነው የሰማሁት።»

ቁልፉ ፊት ተንበረከከ። (አዎ፣ እዚህም ይንበረከካል።) ኮሪደሩ ጨለማ ስለሆነ የስልኳን መብራት አበራችለት። ከቦርሳው ትንሿን ካቻቢቴ አወጣ። እጀታዋ ላይ ቀይ ክር ተጠምጥሞበታል። አባባ ነበር እንዳታንሸራትተው ብሎ የጠመጠመው።

«እሷን አልሸጥካትም?»

«ማን ይገዛታል?»

ሰላም መብራቱን አጥፍታ ልትገባ ምንም አልቀራት። እሱ ግን ፊቱን ሳያዞር ቀጠለ።

«ሰዓቱን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ሰውዬው ለሌላ ሸጦታል።»

«መቼ ሄድክ?»

«ባለፈው።»

«መቼ ባለፈው?»

መልስ የለም። አንድ ብሎን ፈታና መዳፏ ላይ አስቀመጠ። «ያዢልኝ፣ እንዳይጠፋ።»

ስልኩ እጇ ላይ ጮኸ። እማዬ ናት።

«መጣ?»

«መጥቷል።»

«ምን አለሽ?»

ሰላም የወንድሟን ማጅራት አየች። ሽበት ጀምሮታል። «በሩን እየሠራ ነው።»

«ጎሽ። እማዬ ነች የላከችህ እንዳትይው።»

«እማዬ፣ ያኔ ሰዓቱ ሲጫን ጠፋ ያልሽኝ…»

«ድምፅሽ ይቆራረጣል፣ ልጄ» አለችና ዘጋችው።

ድምፅዋ አልተቆራረጠም። ዳዊትም ሰምቷል፤ እጁ ለአፍታ ቆሞ ነበር። ከዚያ እንደገና ማጥበቁን ቀጠለ።

ሲጨርስ ቁልፉን ሦስቴ አዙሮ ሞከረው። ዕቃውን ሰብስቦ ተነሳ። ካቻቢቴዋ የጫማ መደርደሪያው ላይ ቀርታለች።

«ረሳሃት» አለችው።

«ትቀመጥ። ሊላላ ይችላል።»

ደረጃውን ሲወርድ የእግሩን ኮቴ እስከ ምድር ቤት ሰማችው። በሩን ዘጋች፤ ቆለፈች። ያለችግር ዞረላት። መብራቱን ልታጠፋ እጇን ስትዘረጋ ብሎኑ አሁንም መዳፏ ውስጥ ነበር።